ውይይት በዘዴው ልክ፦ የቀለምና የቃል ሙከራን ሪፖርት ስለ መጻፍ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ አጭር ሙከራ፣ ከሪፖርቱም ስለ ሁለት ክፍሎች ነው። ሙከራውን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ‹ቀይ› የሚለው ቃል በአረንጓዴ ቀለም ተጽፎ ይቀርብላችኋል። የምትጠየቁት ቃሉን እንድታነቡ ሳይሆን የተጻፈበትን ቀለም እንድትጠሩ ነው። ‹አረንጓዴ› ለማለት አፋችሁን ስትከፍቱ ‹ቀይ› ይቀድማችኋል፤ ባይቀድማችሁ እንኳ ትዘገያላችሁ። ይህንን መዘግየት በወረቀት ካርድና በስቶፕዎች መለካት ይቻላል፤ ከአንድ ክፍለ ጊዜም አያልፍም። ተማሪ የሚቸገረው ከዚያ በኋላ፣ ሪፖርቱን ለመጻፍ ሲቀመጥ ነው። በተለይ ዘዴው እና ውይይቱ ላይ።

ሙከራው ስሙን ያገኘው ከጆን ሪድሊ ስትሩፕ ነው። ስትሩፕ በአሜሪካ ቴነሲ፣ ናሽቪል በሚገኘው በጆርጅ ፒቦዲ ኮሌጅ ለዶክትሬት ዲግሪው የሠራውን ጥናት በ1935 አሳተመ። ባለ ቀለም ካሬዎች ተደርድረው ሲቀርቡላቸው ተሳታፊዎቹ 100 ቀለሞችን ለመጥራት በአማካይ 63.3 ሰከንድ ፈጀባቸው። ቀለሞቹ ትርጉማቸው በሚቃረን የቀለም ስሞች ላይ ታትመው ሲቀርቡ ግን 110.3 ሰከንድ ፈጀባቸው። ልዩነቱ 47 ሰከንድ ነው። በሌላው ሙከራው ደግሞ ተሳታፊዎቹ ቀለሙን ትተው ቃሉን ብቻ እንዲያነቡ አደረገ። ያን ጊዜ የሚቃረነው ቀለም ያዘገያቸው 2.3 ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ቃሉ የቀለም ጥሪን ክፉኛ ያውካል፤ ቀለሙ ግን ንባብን እምብዛም አያውክም። እነዚህን ቁጥሮች ያዙልኝ፤ ውይይቱ ላይ ስንደርስ እንፈልጋቸዋለን።

የዛሬው ሐሳቤ አንድ ነው። ውይይቱ ሊናገር የሚችለው ዘዴው የፈቀደለትን ብቻ ነው። በውይይቱ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ድምዳሜ በዘዴው ውስጥ የሚቆምበት ዓረፍተ ነገር ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ ሁለቱን ክፍሎች ለየብቻ አላስተምራችሁም። አንድ የክፍል ሙከራ እወስድና በዘዴው የተወሰነው እያንዳንዱ ነገር በውይይቱ ውስጥ ምን እንደሚፈቅድና ምን እንደሚከለክል አሳያችኋለሁ። ለምሳሌ የማነሳቸው የተማሪዎቹ ውጤቶች ለማስተማሪያ ያዘጋጀኋቸው ቁጥሮች ናቸው። የስትሩፕ ቁጥሮች ግን የእሱው ናቸው።

ከንድፉ እንጀምር። ብዙ ተማሪዎች ሁለት ካርድ ብቻ ያዘጋጃሉ። አንዱ ቃሉና ቀለሙ የሚስማሙበት፣ ሌላው የሚቃረኑበት ነው። ከዚያም በሁለቱ መካከል ያገኙትን ልዩነት ‹ጣልቃ ገብነት› ብለው ይጠሩታል። ይህ ስሕተት ነው። የሚስማማው ካርድ ፍጥነት ሊጨምር ይችላል፤ የሚቃረነው ደግሞ ሊያዘገይ ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የእገዛውና የእንቅፋቱ ድምር ስለሆነ የቱ ምን ያህል እንደሆነ አይታወቅም። መለየት የሚቻለው ሦስተኛ፣ ገለልተኛ ካርድ ሲኖር ነው። ስትሩፕ ራሱ በዚያ ሙከራው ያነጻጸረው የሚቃረነውን ካርድ ከቀለም ካሬዎች ጋር እንጂ ከሚስማማ ካርድ ጋር አልነበረም።

በእኛ ምሳሌ ሦስት ካርዶች አሉ፤ የሚስማማ፣ የሚቃረን እና ገለልተኛ። እያንዳንዱ ተሳታፊ ሦስቱንም ይሠራል። በዘዴው ውስጥ ይህ ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ አይፈልግም፦ ‹ንድፉ እያንዳንዱ ተሳታፊ ሁሉንም ሁኔታዎች የሠራበት ሲሆን፣ ነጻ ተለዋዋጩ የቃልና የቀለም ዝምድና ነበር፤ ሦስት ደረጃዎችም ነበሩት፦ የሚስማማ፣ የሚቃረንና ገለልተኛ። ጥገኛ ተለዋዋጩ በአንድ ካርድ ላይ ያሉትን 48 ቀለሞች ጠርቶ ለመጨረስ የፈጀው ጊዜ በሰከንድ ነበር።› ጥገኛ ተለዋዋጩን ‹የምላሽ ፍጥነት› ብላችሁ አትለፉት። የለካችሁት ፍጥነትን አይደለም፤ የአንድን ካርድ ጠቅላላ ጊዜ ነው። ይህ ልዩነት ኋላ ዋጋ ያስከፍላል።

ገለልተኛው ካርድ ምን ይዟል? ‹ገለልተኛ› ብሎ ማለፍ አይበቃም። ባለ ቀለም ካሬዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ትርጉም የሌላቸው ፊደላት፣ ወይም ከቀለም ጋር ግንኙነት የሌላቸው ቃላትም ሊሆኑ ይችላሉ። ክላይን በ1964 እንዳሳየው ከቀለም ጋር የማይገናኙ ተራ ቃላት እንኳ የቀለም ጥሪን በመጠኑ ያዘገያሉ። የቀለም ስሞች ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ያዘገያሉ። ስለዚህ ገለልተኛ ካርዳችሁ ካሬዎችን ከያዘ የምታገኙት ልዩነት ሁለት ነገሮችን በአንድ ላይ ይዟል። አንዱ ማንኛውም የሚነበብ ቃል የሚያስከፍለው ጊዜ ነው። ሌላው የትርጉሙ ተቃርኖ የሚያስከፍለው ነው። የእኛ ምሳሌ እንደ ስትሩፕ ካሬዎችን ተጠቅሟል። ዘዴው ይህን ከጻፈ ውይይቱ ‹የተገኘው መዘግየት ሁሉ ከትርጉም ግጭት የመጣ ነው› ሊል አይችልም። ዘዴው ‹ገለልተኛ ካርድ› ብሎ ካለፈ ግን አንባቢው ይህን ማወቂያ የለውም።

ወደ ተሳታፊዎቹ እንሂድ። ‹24 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተሳተፉ› የሚል ዓረፍተ ነገር ለብዙ ሙከራዎች ሊበቃ ይችላል። ለዚህ ሙከራ አይበቃም፤ ሙከራው የሚሠራው በንባብ ልማድ ነውና። በአገራችን አንዱ ተማሪ የመጀመሪያ ደረጃን በአማርኛ ይማራል፤ ሌላው በአፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል፣ ሌላው ደግሞ በትግርኛ። ሁሉም አማርኛ ይናገሩ ይሆናል። የአማርኛ ቃል ከማንበብ ጋር ያላቸው ልምድ ግን እኩል አይደለም። ቃሉ በቀለም ጥሪው ላይ ጣልቃ የሚገባበት መጠን ከንባብ ልምድ ጋር ስለሚያያዝ፣ በዘዴው ‹የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአማርኛ የተማሩ› ወይም ‹በአማርኛ የተማሩ 17፣ በሌሎች ቋንቋዎች የተማሩ 7› ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። ሪፖርቱን የምትጽፉት በእንግሊዝኛ ቢሆንም ካርዶቹ በየትኛው ቋንቋና ፊደል እንደተዘጋጁ ሊገለጽ ይገባል።

ቀለም የመለየት ችግር በአንዳንድ ሰዎች ዘንድ አለ፤ ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ ይበዛል፤ በብዛት የሚታየውም ቀይና አረንጓዴን የመለየት ችግር ነው። የኢሺሃራ መመርመሪያ ከሌላችሁ ከሙከራው በፊት አራቱን ቀለሞች በካሬ አሳይታችሁ ስማቸውን ማስጠራት ትችላላችሁ። ያደረጋችሁትን ጻፉ። ካላደረጋችሁም ‹አልተመረመረም› ብላችሁ ጻፉ። ተሳታፊዎቹ ሙከራውን ከዚህ ቀደም ያውቁት እንደሆነ መጠየቅም እንዲሁ አስፈላጊ ነው። የሥነ ልቦና ተማሪ ዓላማውን አውቆ ገብቶ ሊሆን ይችላልና። ፈቃደኝነታቸውን እንዴት እንደገለጹ፣ ማቋረጥ እንደሚችሉ እንደተነገራቸውም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቀሳል።

አሁን ቁሳቁሱን ቀረብ ብለን እንየው። ሪፖርት ጠንካራ ወይም ደካማ የሚሆነው እዚህ ነው። በምሳሌያችን አራት ቀለሞች ተመርጠዋል፦ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ቡኒ። ቢጫ ያልተመረጠው በነጭ ወረቀት ላይ በቢጫ የታተመ ቃል ስለማይጎላ ነው። ቃሉ ለማንበብ ካስቸገረ ጣልቃ የሚገባበት ኃይል ይቀንሳል፤ ቀለሙ ራሱም ይደበዝዛል። ‹ቡኒ› ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አንዳንዱ ሰው ‹ቡናማ› ይለዋል፤ ‹ቡና ዓይነት› የሚለውም አይጠፋም። ስለዚህ የአራቱ ቀለሞች ስም ከሙከራው በፊት በመለማመጃ ካርድ ተወስኗል። ዘዴው ይህን ይናገራል።

የቃላቱ ርዝመትም እኩል አይደለም። ‹ቀይ› እና ‹ቡኒ› ሁለት ሁለት ፊደል ናቸው፤ ‹ሰማያዊ› አራት፣ ‹አረንጓዴ› አምስት። ‹ሰማያዊ› ለማለት ‹ቀይ› ከማለት የበለጠ ጊዜ ይፈጃል። አንዱ ካርድ ሰማያዊ ቀለም ቢበዛበት ጊዜው የሚረዝመው በግጭት ምክንያት ሳይሆን በአነጋገር ርዝመት ሊሆን ይችላል። መፍትሔው በሦስቱም ካርዶች ላይ እያንዳንዱ ቀለም እኩል ጊዜ እንዲመጣ ማድረግ ነው። 48 ቦታዎች፣ አራት ቀለሞች፣ ለእያንዳንዱ 12። ይህ 48 የሚለው ቁጥር ያለ ምክንያት አልተመረጠም። በሚቃረነው ካርድ ላይ በቀይ የሚታተሙት 12 ቃላት ለሦስቱ ሌሎች ስሞች እኩል ይካፈላሉ፤ ለእያንዳንዳቸው አራት ይደርሳቸዋል። 40 ቦታ ብታደርጉ ለእያንዳንዱ ቀለም 10 ይደርስና ለሦስት አይካፈልም። ይህንን የጻፈ ተማሪ በውይይቱ ‹ልዩነቱ ከቃላቱ ርዝመት የመጣ አይደለም› ማለት ይችላል። ያልጻፈው አይችልም።

የአደራደሩ ቅደም ተከተልም ሊጻፍ ይገባል። ተሳታፊው ‹ቀይ› የሚለውን ቃል ችላ ብሎ ‹ሰማያዊ› ብሎ ጠራ እንበል። የሚቀጥለው ቦታ ላይ የሚጠራው ቀለም አሁን ችላ ያለው ቀይ ከሆነ ይዘገያል። አሁን ያፈነውን መልስ መልሶ መጥራት ይከብደዋልና። ይህ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በዚሁ ዓይነት ሙከራ የታየ ነገር ነው። እንዲህ ያሉ ተከታታዮች በሚቃረነው ካርድ ላይ ከበዙ መዘግየቱን ያጋንኑታል። ስለዚህ ምሳሌው እንዲህ ይላል፦ ‹በማናቸውም ካርድ አንድ ቀለም በተከታታይ አልመጣም፤ በሚቃረነው ካርድ አንድ ቃል ወዲያው ለሚቀጥለው ቦታ የቀለም መልስ እንዳይሆን ተደርጎ ተደረደረ።› የፊደሉን መጠንና ዓይነት፣ ወረቀቱን፣ ሁሉም በአንድ ማተሚያ መታተሙን ጨምሩበት። የእርሳሱን ስም ግን ተዉት። መለያው ይህ ነው፦ ያ ነገር ቢቀየር ውጤቱ ሊለወጥ ይችላል ወይ? ከቻለ ይጻፋል፤ ካልቻለ ይቀራል።

ከዚያ አካሄዱ ይመጣል። ሦስት ካርዶች በስድስት ዓይነት ቅደም ተከተል ሊቀርቡ ይችላሉ። 24 ተሳታፊዎች ካሉ ለእያንዳንዱ ቅደም ተከተል አራት ሰው ይደርሰዋል። ይህ የሚደረገው ሰው በሦስተኛው ካርድ ላይ ከመጀመሪያው ይልቅ ስለሚለምድ ወይም ስለሚደክም ነው። ስትሩፕ በሦስተኛው ሙከራው ተሳታፊዎችን ለቀናት አለማምዶ ጣልቃ ገብነቱ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የሚቃረነው ካርድ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ቢቀርብ ከልምምዱ የተገኘው ፍጥነት ግጭቱን ይሸፍነዋል፤ ድካም ካለ ደግሞ ያባብሰዋል። ‹ቅደም ተከተሉ ተፈራርቋል› ብቻ ብሎ መጻፍ ደካማ ነው። እንዴት እንደተፈራረቀ ይጻፍ።

ሰዓቱ ከየት ተነሥቶ የት ቆመ? መዝጋቢው ‹ጀምር› ሲል ነው ወይስ ተሳታፊው የመጀመሪያውን ቀለም ሲጠራ? የቆመው የመጨረሻው ቃል ተጀምሮ ሳለ ነው ወይስ ሲያልቅ? ተሳታፊው ሲሳሳት ምን ሆነ? አርሞ እንዲቀጥል ከተነገረው የማረሚያው ጊዜ በካርዱ ጊዜ ውስጥ ይገባል። ሳያርም እንዲያልፍ ከተነገረው ደግሞ የካርዱ ጊዜ አጭር ሆኖ ስሕተቱ ይበዛል። ሁለቱ መመሪያዎች ሁለት የተለያዩ ሰንጠረዦች ይሰጣሉ። ለዚህ ነው ለተሳታፊው የተነገረው ቃል በቃል መጻፍ ያለበት። አንድ ሰው ሰዓት እየያዘ ስሕተትም ይቁጠር ከተባለ አንዱ ይጓደላል፤ በእኛ ምሳሌ አንዱ ተማሪ ሰዓት ያዘ፣ ሌላው መልስ ወረቀቱ ላይ ስሕተቶችን አሰፈረ።

አሁን ሁለት አንቀጾችን እናስተያይ። የመጀመሪያው ተማሪ እንዲህ ጻፈ እንበል፦ ‹ካርዶቹን ለተሳታፊው ስጡት። ቀለሙን በፍጥነት እንዲጠራ ንገሩት። ሰዓት ያዙ። ውጤቱን መዝግቡ።› ይህ መመሪያ ነው፤ ሊደረግ የታሰበውን እንጂ የተደረገውን አይነግረንም። ሁለተኛዋ ተማሪ እንዲህ ጻፈች እንበል፦ ‹እያንዳንዱ ተሳታፊ ጸጥ ባለ ክፍል ለብቻው ተፈተነ። አራቱን የቀለም ስሞች በ12 ካሬዎች ከተለማመደ በኋላ ሦስቱን ካርዶች ከስድስቱ ቅደም ተከተሎች በአንዱ ሠራ። “የተጻፈውን ቃል ሳታነብ ቀለሙን ከግራ ወደ ቀኝ፣ በተቻለህ ፍጥነትና ሳትሳሳት ጥራ፤ ከተሳሳትህ አርመህ ቀጥል” ተብሎ ተነገረው። ካርዱ ተሸፍኖ ቀረበ። መዝጋቢው ካርዱን ሲገልጥ ሰዓቱን አስነሣ፤ የመጨረሻው ቀለም ስም ተጠርቶ ሲያልቅ አቆመ። ሁለተኛ መዝጋቢ የታረሙና ያልታረሙ ስሕተቶችን ለየብቻ ቆጠረ።› ሁለተኛው አንቀጽ ከመጀመሪያው ይረዝማል። ግን ይህን ያነበበ ሰው ነገ ጠዋት ሙከራውን መድገም ይችላል። በውይይቱ ለሚነሡት ጥያቄዎችም መልሱ ከወዲሁ አለ።

ወደ ውይይቱ እንሻገር። የምሳሌያችን ውጤት እነሆ። የሚስማማው ካርድ በአማካይ 28.8 ሰከንድ ፈጀ፤ ገለልተኛው 31.7፤ የሚቃረነው 49.4። ያልታረሙ ስሕተቶች በገለልተኛው ካርድ በአማካይ 0.4፣ በሚቃረነው 1.8 ነበሩ። መደበኛ ልይይቱና የስታቲስቲክስ ፈተናው በውጤት ክፍል ተጽፈዋል፤ ውይይቱ አይደግማቸውም።

የውይይቱ የመጀመሪያ አንቀጽ ለመላ ምቱ መልስ ይሰጣል። የጥናቱን ታሪክ እንደገና አይተርክም። ‹መላ ምቱ እንደተነበየው ተሳታፊዎቹ የሚቃረነውን ካርድ ለመጨረስ ከገለልተኛው 17.7 ሰከንድ የበለጠ ፈጀባቸው። ስሕተታቸውም አብሮ ጨመረ፤ ስለዚህ መዘግየቱ ለትክክለኛነት ሲሉ ጊዜ በመውሰዳቸው የመጣ አይመስልም።› ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር የሚቆመው ዘዴው ስሕተትን ለብቻ ስለመዘገበ ነው። ሰው በፍጥነትና በትክክለኛነት መካከል ይመርጣል። ስሕተቱ ቀንሶ ጊዜው ቢረዝም ኖሮ ተጠንቅቀው ነው የሚል ሌላ ማብራሪያ ይነሣ ነበር። ‹መላ ምቱ ተረጋገጠ› አትበሉ፤ ‹ተደገፈ› በሉ።

ከዚያ ካለፉት ጥናቶች ጋር ማነጻጸር ነው። ተማሪው ‹ስትሩፕ 47 ሰከንድ አገኘ፤ እኛ 17.7 አገኘን፤ የእኛ አነስተኛ ነው› ብሎ ቢጽፍ ተሳሳተ። የስትሩፕ ካርድ 100 ቦታዎች ነበሩት፤ የእኛ 48። ለአንድ ቦታ ሲሰላ የስትሩፕ መዘግየት 0.47 ሰከንድ ነው፤ የእኛ 0.37። ገለልተኛው ካርድ ለአንድ ቦታ በስትሩፕ 0.63 ሰከንድ ነበር፤ በእኛ 0.66። መነሻው ተቀራራቢ ሆኖ መዘግየቱ በእኛ ያንሳል። ለምን? ዘዴዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ስትሩፕ አምስት ቀለሞች ተጠቅሟል፤ እኛ አራት። ቋንቋው ሌላ ነው፤ ፊደሉም ሌላ። ከተሳታፊዎቻችን ሰባቱ ማንበብን የጀመሩት በሌላ ቋንቋ ነው። እኛ ችላ የተባለው ቃል ቀጣይ መልስ እንዳይሆን አድርገን ደርድረናል። እያንዳንዱ ልዩነቱን ሊያብራራ ይችላል፤ የእኛ መረጃ ግን በመካከላቸው ሊመርጥ አይችልም። ውይይቱ ይህንኑ ይናገር። የሰባቱን ተማሪዎች አማካይ ከአሥራ ሰባቱ ለይቶ መመልከት ይቻላል፤ የቁጥራቸው ማነስ ግን ፍንጭ እንጂ ድምዳሜ አይፈቅድም።

ስለሚስማማው ካርድ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያሻል። ከገለልተኛው በ2.9 ሰከንድ ፈጥኗል። ‹ቃሉ ቀለሙን ለመጥራት አገዘ› ማለት ያጓጓል። ነገር ግን ‹ቀይ› በቀይ ተጽፎ ‹ቀይ› ያለ ሰው ቀለሙን ጠርቶ ነው ወይስ ቃሉን አንብቦ? መልሱ አንድ ስለሆነ ከድምፁ መለየት አይቻልም። 48ቱ ቦታዎች ሁሉ የሚስማሙ በሆኑበት ካርድ ላይ ተሳታፊው ሳያስበው ወደ ንባብ ሊንሸራተት ይችላል። ስለዚህ ትክክለኛው ዓረፍተ ነገር ‹የታየው የፍጥነት ጭማሪ ከእገዛ ወይም ከንባብ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ቦታ የሚስማማ በሆነበት ካርድ ሁለቱን መለየት አይቻልም› የሚል ነው።

ማብራሪያው ላይ ስንደርስ አብዛኛው ሪፖርት የሚወድቅበት ቦታ ደረስን። ‹አእምሮ ግራ ስለተጋባ ነው› ማብራሪያ አይደለም፤ ውጤቱን በሌላ ቃል መድገም ነው። ‹ግራና ቀኝ የአንጎል ክፍሎች ተጋጩ› የሚለውም ከዚህ ሙከራ አይገኝም። በስቶፕዎች የአንጎል ክፍል አይለካም። ሊወዳደሩ የሚገባቸው ሁለት የታወቁ ማብራሪያዎች አሉ። አንደኛው የፍጥነት ማብራሪያ ነው፦ ንባብ ከቀለም ጥሪ ይፈጥናል፤ ቃሉ ቀድሞ ደርሶ የመልሱን በር ይይዛል። ሁለተኛው አውቶማቲክነት ነው፦ ንባብ በብዙ ልምምድ ያለ ፈቃድ የሚሠራ ሆኗል፤ ቀለም መጥራት ግን ትኩረት ይፈልጋል።

ሁለቱም የእኛን ውጤት ይተነብያሉ። ይህን መናገር ነው የውይይቱ እውነተኛ ሥራ። ‹ውጤቱ ንባብ አውቶማቲክ መሆኑን ያረጋግጣል› ብሎ የጻፈ ተማሪ ተቀናቃኙን ማብራሪያ ሳያይ አልፏል። የሚለያቸው ማስረጃ ከሌሎች ሙከራዎች ይመጣል። ደንባርና ማክላውድ በ1984 ቃላቱን ገልብጠውና አዙረው ንባቡን ከቀለም ጥሪ አዘገዩት። ጣልቃ ገብነቱ ግን አልጠፋም። ፍጥነት ብቻ ቢሆን ኖሮ የዘገየው ቃል ሊያውክ ባልቻለ ነበር። በ1988 ደግሞ ማክላውድና ደንባር ሰዎችን ለማይታወቁ ቅርጾች የቀለም ስም እንዲሰጡ አለማመዷቸው። በመጀመሪያ ቀለሙ ቅርጹን ያውክ ነበር፤ ከረጅም ልምምድ በኋላ ቅርጹ ቀለሙን ማወክ ጀመረ። ስለዚህ አውቶማቲክ መሆን አለመሆን ሁለት ጫፍ ሳይሆን በልምምድ እየጠነከረ የሚሄድ ነገር ይመስላል። ውይይቱ እንዲህ ይላል፦ ‹ውጤታችን ከሁለቱም ማብራሪያዎች ጋር ይስማማል፤ የተለማመዱትን ቅርጾች የሚመለከተው ማስረጃ ግን በልምምድ ጥንካሬ ላይ ወደቆመው ማብራሪያ ያመዝናል።› ድምዳሜው ከሌላ ሰው ማስረጃ ሲመጣ ከዚያ ሰው እንደመጣ ይነገር።

ሌላም ክልክል አለ። ስትሩፕ ቃሉ ቀለሙን እንጂ ቀለሙ ቃሉን እምብዛም እንደማያውክ ያሳየው የንባብ ሙከራም ስላደረገ ነው። የእኛ ተሳታፊዎች ቃላትን እንዲያነቡ አልተጠየቁም። ስለዚህ ይህን አለመመጣጠን ‹እኛም አገኘን› ማለት አንችልም።

የጥናቱን ውስንነት ስትጽፉ ‹ናሙናው ትንሽ ነበር፤ ወደፊት ሰፊ ጥናት ያስፈልጋል› ብላችሁ አትዝጉ። ያ ዓረፍተ ነገር በማንኛውም ሪፖርት ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ጥሩ ውስንነት ሦስት ነገር ይናገራል፦ ምን እንደነበር፣ ውጤቱን ወደየት አቅጣጫ እንደሚገፋው፣ ምን ያህል ሊገፋው እንደሚችል። ለምሳሌ ሰዓቱ በእጅ መያዙን እንውሰድ። በእጅ ማስነሣትና ማቆም ጥቂት አሥረኛ የሰከንድ ክፍልፋዮች ሊያሳስት ይችላል። ለ17.7 ሰከንድ ልዩነት ይህ ከቁጥር አይገባም። መዝጋቢው መላ ምቱን ያውቅ ከነበረ ግን ስሕተቱ በአንድ አቅጣጫ ሊያዘነብል ይችላል፤ ያኔ 2.9 ሰከንዱ ይበልጥ ይጎዳል። ሌላው ውስንነት ካሬዎቹ ናቸው። መዘግየቱን ያጋንኑታል፤ ማንኛውም ቃል የሚያስከፍለውን ጊዜ ይጨምራሉና። ሦስተኛው የጠቅላላ ጊዜ መለኪያው ነው። ተሳታፊው የተሳሳተበትና ያረመበት ጊዜ በውስጡ ስላለ የትክክለኛ መልሶችን መዘግየት ብቻ አይነግረንም። ለዚህ ነው መጀመሪያ ‹የምላሽ ፍጥነት› አትበሉ ያልኳችሁ።

የወደፊት ጥናት ሐሳብም ከእነዚህ ውስንነቶች ይወለድ። ካሬዎቹ ካሳሰቡን አራተኛ ካርድ ይጨመር። ‹ወንበር›፣ ‹መንገድ› የመሳሰሉ ከቀለም ጋር የማይገናኙ ቃላት በአራቱ ቀለሞች ይታተሙበት። የሚቃረነው ካርድ ከዚህ ካርድ የሚዘገይበት መጠን ለትርጉሙ ግጭት የቀረበ መለኪያ ይሆናል። የንባብ ቋንቋው ካሳሰበን ደግሞ ቃላቱን በአፋን ኦሮሞ ወይም በእንግሊዝኛ አትሙና መልሱን በአማርኛ ጠይቁ። ፕሬስተንና ላምበርት በ1969 ሁለት ቋንቋ በሚያውቁ ሰዎች ላይ እንዳሳዩት የቃሉና የመልሱ ቋንቋ ሲለያይም ጣልቃ ገብነቱ ይቀጥላል። በተለያየ ፊደል የተማሩ ተሳታፊዎች ባሉበት አገር ይህ ሙከራ ቀላል፣ ርካሽና በእውነት መልሱ የሚፈለግ ጥያቄ ነው።

ሪፖርቱን ከማስረከባችሁ በፊት አንድ ሥራ እንድትሠሩ እፈልጋለሁ። ውይይቱን አትሙና በእያንዳንዱ ድምዳሜ ሥር መስመር አስምሩ። በኅዳጉ ላይ ያ ድምዳሜ የሚቆምበትን የዘዴውን ዓረፍተ ነገር ወይም የጠቀሳችሁትን ጥናት ጻፉ። ኅዳጉ ባዶ የቀረበት ቦታ ካለ ሁለት ምርጫ አላችሁ። ያደረጋችሁትን ነገር በዘዴው መጻፍ ዘንግታችሁ ከሆነ ወደ ዘዴው ተመልሳችሁ ጻፉት። ያላደረጋችሁት ከሆነ ድምዳሜውን ሰርዙት፤ ወይም ‹ሊሆን ይችላል፤ ይህ ጥናት ግን አልፈተነውም› ብላችሁ አስተካክሉት። ከዚያ በተቃራኒው አንብቡ። በዘዴው ውስጥ በውይይቱም በድጋሚ ሙከራውም ምንም ጥቅም የሌለው ዝርዝር ካለ አውጡት። ይህን ያለፈ ሪፖርት አጭር ሊሆን ይችላል፤ መምህሩ ግን በየትኛውም ዓረፍተ ነገር ላይ ‹ይህን ከየት አመጣኸው?› ቢል መልሱ በገጹ ላይ ይገኛል።